ቦቱን የሚያዘው ማነው?

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል የነገውን የፈተና ፕሮግራም ያወጣል። ጥቂት ቆይቶ የክሊኒኩ ቻናል ስለ ሕፃናት ክትባት ያስታውሳል፤ የቤት ዕቃ መደብሩ የሳምንቱን ዋጋ፣ የጉዞ ወኪሉ ደግሞ የትኬት ማስታወቂያውን ይለጥፋሉ። በዚህ ሰዓት ስልክ ይዞ የሚጽፍ ማንም የለም። ጽሑፎቹ ቀን ላይ በጎግል ሺት ተሞልተው አድረዋል። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ፕሮግራም ከሺቱ አንብቦ ለቴሌግራም ቦት ያስተላልፋል፤ ቦቱም ይለጥፋል።

እንዲህ ያለ አውቶሜሽን ለመዘርጋት ትልቅ ድርጅት መሆን አያስፈልግም። n8n፣ Make እና Zapier የሚባሉት አገልግሎቶች ሥራውን ከረጅም ኮድ ወደ ሥዕላዊ ሰንሰለት አውርደውታል፤ ሰንሰለቱን ባለሙያዎቹ ወርክፍሎው ይሉታል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራበት ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው የሚጀምረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሠራተኛ ሲጨመር፣ የደንበኛው ቁጥርም ከአንድ ወደ አራት ሲያድግ ነው። ያኔ ማን ምን መንካት ይችላል የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አራቱን ቻናሎች የምታስተዳድር አንዲት አነስተኛ የማስታወቂያ ድርጅት አለች እንበል። አራት ሰዎች ይሠሩባታል፦ ባለቤቷ፣ ጽሑፍ አዘጋጁ፣ ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉን አይታ የምታጸድቀው ኃላፊና ወርክፍሎውን የሚሠራው ቴክኒሻን። እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ሳይስተጓጎሉ እንዲሠሩ፣ ከሥራቸው ውጭ ያለውን ግን እንዳይነኩ ማድረግ እንዴት ይቻላል?

አንድ ስልክ ቁጥር፣ አራት ሰው

ብዙ ቦታ የተለመደው አሠራር ቀላል ነው። በአንድ ስልክ ቁጥር የተከፈተ የቴሌግራም አካውንት ይኖራል፤ ሁሉም በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ይከፍተዋል። n8nም በአንድ ኢሜይልና በአንድ የይለፍ ቃል ይከፈታል። ሥራው ይሄዳል፤ አንድ ቀን ግን የክሊኒኩ ቻናል ላይ የነበረ ማስታወቂያ ጠፍቶ ይገኛል።

ቴሌግራም ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ Recent Actions የሚባል መዝገብ አለው። አድሚኖች ባለፉት 48 ሰዓታት ምን እንዳጠፉና ምን እንዳረሙ በየስማቸው ያሳያል። አራቱም ሰዎች በአንድ አካውንት ከገቡ ግን መዝገቡ ላይ የሚታየው ያው አንድ ስም ነው። በሦስተኛው ቀን ከተጠየቀ ደግሞ እሱም አልፎበታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ መስጠት ነው። የቻናሉ ባለቤትነት ከድርጅቷ ይልቅ ከደንበኛው ጋር ቢሆን ይሻላል፤ ድርጅቷ በአድሚንነት ትግባ። ቻናሉ አስቀድሞ በድርጅቷ ስም ተከፍቶ ከሆነ ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል፤ በአንድ ጀንበር ግን አይሆንም። አዛዋሪው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከከፈተ ቢያንስ 7 ቀን፣ በዚያ መሣሪያ ላይ ከገባ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት እስኪሞላው ቴሌግራም አይፈቅድለትም። ደንበኛው በድንገት «ቻናሌን ስጡኝ» ያለ ዕለት ይህን ማወቅ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

አስቀድሞ ቦቱን መገደብ

ስለ ሰዎቹ ፈቃድ ከመነጋገራችን በፊት የቦቱን ጉዳይ እንጨርስ። ቦት @BotFather በሚባለው የቴሌግራም አገልግሎት በኩል ይፈጠራል። ሲፈጠር ቶከን የሚባል ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ለቦቱ የሚሄድ ትእዛዝ ሁሉ ይህን ይመስላል፦

```
https://api.telegram.org/bot<TOKEN>/sendMessage
```

እዚህ ላይ የተጠቃሚ ስም የለም፤ የይለፍ ቃልም፣ በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድም የለም። ቶከኑን የያዘ ሰው ቦቱን እንደ ልቡ ያዛል። ቴሌግራምም ትእዛዙ ከድርጅቷ ሰርቨር ይምጣ ወይም ከሥራ ከወጣ ሠራተኛ ላፕቶፕ፣ አይለይም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ለአራት ደንበኛ አራት ቦት ያስፈልጋል። አንድ ቦት በአራቱም ቻናሎች አድሚን ከሆነ የአንዱ ቶከን መውጣት የአራቱ ቻናል መከፈት ነው። ሁለተኛ፣ ቦቱ መፈጠር ያለበት በድርጅቷ አካውንት ነው። ቴክኒሻኑ በገዛ ስልኩ ከፈጠረው የቦቱ ባለቤት እሱ ነው፤ በወጣ ጊዜ ቦቱም አብሮት ይወጣል።

ቀጥሎ ቦቱ ቻናሉ ላይ ምን ይችላል የሚለው ይመጣል። ቦት ቻናል ውስጥ የሚገባው አድሚን ሆኖ ነው፤ ሲገባ የፈቃዶች ዝርዝር ይታያል። ለምሳሌያችን የሚያስፈልገው Post Messages የሚለው ብቻ ነው። የሌሎችን መልእክት ማረም፣ የሌሎችን መልእክት ማጥፋት፣ የቻናሉን መረጃ መለወጥ፣ አዲስ አድሚን መጨመር የሚሉት ሁሉ ይዘጉ።

ይህ ልዩነት ቶከኑ በወጣ ቀን ይታያል። መለጠፍ ብቻ የተፈቀደለት ቦት በጠላት እጅ ቢገባ የማይረባ ነገር ሊለጥፍ፣ ራሱ የለጠፋቸውንም ከ48 ሰዓት ያልበለጡ መልእክቶች ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ያሳፍራል፤ ያስቆጣልም። ግን ሰው የጻፋቸውን የዓመታት መልእክቶች አያጠፋም፣ የማይታወቅ አድሚንም አያስገባም። ሁሉም ፈቃድ የተከፈተለት ቦት ግን ቻናሉን ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

ፈቃዱ በትክክል መዘጋቱን ማየትም አይከብድም። ባለቤቷ በራሷ ኮምፒውተር getChatMember የሚለውን ትእዛዝ ስለዚያው ቦት ብትልክ ከመልሱ ውስጥ እነዚህን መስመሮች ታገኛለች፦

```
"status": "administrator",
"can_post_messages": true,
"can_edit_messages": false,
"can_delete_messages": false,
"can_promote_members": false
```

ከመጀመሪያው `can_` በቀር ከእነዚህ በአንዱ ላይ true ከተነበበ የሆነ ሰው በጥድፊያ ሁሉንም ከፍቶታል ማለት ነው።

ማህተሙና ወረቀቱ

አሁን ወደ ሰዎቹ እንመለስ። n8n በሚከፈልባቸው ፕላኖቹ ሥራን በፕሮጀክት ይከፋፍላል፤ በፕሮጀክት ውስጥም እንደ ፕላኑ ዓይነት አስተዳዳሪ፣ አራሚና ተመልካች የሚሉ ሚናዎች አሉ። ተመልካች ወርክፍሎውን ያያል እንጂ አይለውጥም፣ በእጁም አያስነሳም። አራሚ ይሠራል፣ ይለውጣል። ቶከኖቹ Credentials በሚለው ክፍል ይቀመጣሉ፤ አንዴ ከተቀመጡ በኋላ መልሰው በግልጽ አይታዩም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ ቴክኒሻኑ ቶከኑን ካላየ ቻናሉን አይነካም» ብሎ ያርፋል።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ማህተሙ የጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት የሚያድር መሥሪያ ቤት አስቡ። ቁልፉን ማንም አይነካም፤ ጸሐፊዋ ግን የቀረበላትን ወረቀት ሁሉ ሳታነብ ታትማለች። በዚያ ቤት ማህተሙ የእርስዋ አይደለም፤ ወረቀቱን የሚያቀርበው ሰው ነው። ወርክፍሎውም እንዲሁ ነው። ቶከኑን ባያየውም ወርክፍሎውን መለወጥ የሚችል ሰው በቶከኑ የፈለገውን ማሠራት ይችላል፤ ጽሑፉን ይቀይራል፣ ሰዓቱን ይቀይራል፣ የሚላክበትን ቻናል ይቀይራል። የቶከኑን ማስቀመጫ እንዲያርም የተፈቀደለት ደግሞ ቶከኑ ራሱ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲላክ ሊያደርግ ይችላል።

የኮምፒውተር ደኅንነት ሰዎች ይህን ችግር ካወቁት ቆይተዋል። ኖርም ሃርዲ የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ ታይምሼር በሚባል ኩባንያ ያጋጠመውን እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፎታል። በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ አንድ የፎርትራን ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ የአጠቃቀም መረጃ እንዲመዘግብ ሲባል የሥርዓቱ ፋይሎች በሚቀመጡበት ክፍል ላይ የመጻፍ ፈቃድ ተሰጥቶታል፤ የደንበኞች የሒሳብ መዝገብም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ተጠቃሚው ለራሱ የሚሆን ውጤት የት እንደሚጻፍለት ለፕሮግራሙ የፋይል ስም ይነግረዋል። አንዱ ተጠቃሚ የሒሳብ መዝገቡን ስም ነገረው። ተጠቃሚው ራሱ ያን ፋይል መንካት አይፈቀድለትም፤ ፕሮግራሙ ግን ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ ጻፈበት፤ የሒሳቡም መረጃ ጠፋ። ማንም የይለፍ ቃል አልሰረቀም፤ ፕሮግራሙም አልተበላሸም። ፈቃዱ የፕሮግራሙ፣ ትእዛዙ የተጠቃሚው ነበር፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን አልለየም።

ከዚህ ለአነስተኛዋ ድርጅታችን የሚወጣው ደንብ ይህ ነው፦ ወርክፍሎውን የማረም ፈቃድ ቦቱን የማዘዝ ፈቃድ ነው። ቴክኒሻኑ በየቀኑ ወርክፍሎ የሚሠራ ሰው ነውና አትረም ማለት አይቻልም። የሚቻለው የሚያርምበትን ቦታ መለየት ነው። ለእሱ የሙከራ ፕሮጀክት ይከፈታል፤ የሙከራ ቦትና ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ያለበት የሙከራ ቻናል ይሰጠዋል። እዚያ እንደ ልቡ ይሠራል፣ ይሰብራል፣ ይጠግናል። እውነተኞቹ አራት ቻናሎች ባሉባቸው ፕሮጀክቶች ግን ተመልካች ብቻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ወርክፍሎውን በፋይል ያወርደዋል። ፋይሉ ውስጥ የቶከኑ መለያ ስም አለ እንጂ ቶከኑ ራሱ የለም። ባለቤቷ ፋይሉን በትክክለኛው ፕሮጀክት ውስጥ ትጭንና የዚያን ደንበኛ ቦት ትመርጥለታለች። ከመጫኗ በፊት ሁለት ነገር ማየት ይበቃታል፦ የሚለጥፍበት ቻናል የትኛው እንደሆነና ከሺቱና ከቴሌግራም ሌላ መረጃ የሚላክበት አዲስ አድራሻ መጨመሩን። ለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊ መሆን አያሻም፤ ሥዕሉ ላይ የማታውቀው ሳጥን ካለ ቴክኒሻኑን ጠርታ ትጠይቀዋለች።

ነፃው የn8n ስሪት እንዲህ ያለ የፕሮጀክት ክፍፍል የለውም፤ ያም ሆኖ ዘዴው ይሠራል። በነፃው ስሪት አንድን ወርክፍሎና የተቀመጠበትን ቶከን የሚያገኙት የፈጠረው ሰውና የሥርዓቱ ባለቤት ብቻ ናቸው። ባለቤቷ እውነተኞቹን በራሷ መግቢያ ከፈጠረች ቴክኒሻኑ አያገኛቸውም።

አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል። n8n በድርጅቷ በራሷ ሰርቨር ላይ የተጫነ ከሆነ ሰርቨሩ ውስጥ የሚገባ ሰው ይህን አንድ መስመር በመጻፍ የተቀመጡትን ቶከኖች ሁሉ በግልጽ ማውጣት ይችላል፦

```
n8n export:credentials --all --decrypted
```

ትእዛዙ የተሠራው ለመጠባበቂያ ቅጂና ሥርዓቱን ወደ ሌላ ሰርቨር ለማዛወር ነው። ግን ከላይ የደረደርናቸው ሚናዎች ሁሉ የሚሠሩት በፊት ለፊት በር ለሚገባ ሰው መሆኑን ያሳያል። የሰርቨሩ መግቢያ በቴክኒሻኑ እጅ ካለ ሚናውን ተመልካች ማለት የይስሙላ ነው።

ሺቱም የፈቃድ ቦታ ነው

ጽሑፍ አዘጋጁ n8n ውስጥ ምንም ሥራ የለውም፤ መግቢያም አያስፈልገውም። እሱ የሚሠራው ጎግል ሺት ላይ ነው፦ ቀን፣ ጽሑፍ፣ ምስል፣ በመጨረሻም «ሁኔታ» የሚል ዓምድ። ኃላፊዋ አንብባ «ጸድቋል» ስትል ወርክፍሎው ሰዓቱን ጠብቆ ያወጣዋል። ብዙዎች ሺቱን እንደ ተራ ሰንጠረዥ ያዩታል። ነገር ግን «ጸድቋል» የሚለውን ቃል መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ ለሕዝብ ማሳተም የሚችል ሰው ነው።

ጎግል ሺት በData ዝርዝር ውስጥ Protect sheets and ranges የሚል አማራጭ አለው። በእሱ የ«ሁኔታ» ዓምድ በኃላፊዋ ብቻ እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል። ጥሩ ነው፤ አይበቃም እንጂ። ኃላፊዋ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አጸደቀች እንበል፤ ጽሑፉ የሚወጣው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። በመካከሉ ባሉት አሥር ሰዓታት የጽሑፉ ዓምድ ለአዘጋጁ ክፍት ነው። የትኬቱን ዋጋ «ለማስተካከል» ገብቶ አንድ ዜሮ ቢያስቀር «ጸድቋል» የሚለው እንዳለ ይቆያል፤ የሚወጣው ግን ኃላፊዋ ያላየችው ዋጋ ነው።

ይህን የሚዘጋው ሁለት ገጽ መጠቀም ነው። አንዱ «ረቂቅ» ይባል፤ አዘጋጁ እዚያ ይጻፍ። ሌላው «የጸደቀ» ይባል፤ ሙሉ ገጹ ይቆለፍና ኃላፊዋና ወርክፍሎው ብቻ ይጻፉበት። ወርክፍሎው የሚያነበው ከሁለተኛው ነው። ኃላፊዋ ያጸደቀችውን ረድፍ ወደ ሁለተኛው ስትገለብጥ ዋጋውን ብቻ፣ ማለትም በ`Ctrl+Shift+V` ትለጥፈው። ከረቂቁ ጋር የሚያገናኝ ፎርሙላ ካስገባች ረቂቁ በተቀየረ ቁጥር የጸደቀውም ይቀየራልና መቆለፉ ትርጉም ያጣል።

ሺቱም እንደ ቦቱ በየደንበኛው ይለያይ። አራቱን በአንድ ሺት አድርጎ «ቻናል» የሚል ዓምድ መጨመር ጊዜ ይቆጥባል፤ ሆኖም የሃርዲን ታሪክ ይደግማል፤ ወርክፍሎው ወደ አራቱም መለጠፍ ይችላል፣ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ደግሞ በእጅ የተጻፈ ስም ነው። የክሊኒኩ ማስታወሻ በስህተት የጉዞ ወኪሉ ቻናል ላይ ሊወጣ ይችላል። ቻናሉ ወርክፍሎው ውስጥ ከተወሰነና ሺቱ የአንድ ደንበኛ ብቻ ከሆነ አዘጋጁ ምንም ቢሳሳት ስህተቱ ከዚያው ቻናል አይወጣም።

ወርክፍሎው ሺቱን የሚከፍትበት መንገድም ይታሰብበት። ባለቤቷ በራሷ የጎግል አካውንት ብታገናኘው እንደ ተሰጠው ፈቃድ ስፋት ሌሎች ፋይሎቿንም ሊያገኝ ይችላል። ጎግል ለፕሮግራሞች ብቻ የሚሆን የአገልግሎት አካውንት አለው፤ እንደ ሰው የራሱ ኢሜይል አድራሻ ስላለው ያን አንድ ሺት ብቻ ለእሱ ማጋራት ይቻላል። ሌላውን አያየውም።

ሰው ሲወጣ

ክፍፍሉ በትክክል መሠራቱ የሚለየው ሰው ሥራ ሲለቅ ነው። አዘጋጁ ከለቀቀ የሺቶቹን ማጋሪያ ማንሳት በቂ ነው፤ ሌላ ነገር በእጁ አልነበረም። ሺቱ ግን «ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ማረም ይችላል» በሚል ተከፍቶ ከነበረ ስሙን ማንሳት አያግደውም።

ቴክኒሻኑ ከለቀቀ ከn8n ይሰረዛል። ሲሰረዝ n8n ወርክፍሎዎቹ ወደ ሌላ ሰው ይዛወሩ ወይስ ይጥፉ ብሎ ይጠይቃል፤ ይዛወሩ ማለት ይገባል። የሰርቨር መግቢያ ከነበረው እሱም ይዘጋል። እውነተኛ ቶከን ያየ ወይም ሊያይ ይችል የነበረ ከሆነ ደግሞ መሰረዙ ብቻ አይበቃም፤ ቶከን በአእምሮም፣ በማስታወሻም፣ በስክሪን ፎቶም ይሄዳል። በ@BotFather ላይ `/revoke` ተብሎ አዲስ ይወጣል። አሮጌው ወዲያው ይሞታል፤ አዲሱ Credentials ውስጥ እስኪገባ ድረስ ወርክፍሎው `401 Unauthorized` እያለ ይወድቃል። ስለዚህ የሚለጠፍ ነገር በሌለበት ሰዓት፣ አንድ ቦት አንድ ቦት እየተባለ ይቀየራል። ያ መልእክት ማንም ቶከን ሳይቀይር በድንገት ከታየ ግን ሌላ ሰው የ@BotFatherን አካውንት መክፈት መቻሉን መጠርጠር ነው።

ይህ ሁሉ ሁለት ሰው ላላት ድርጅት ሊበዛባት ይችላል። ኃላፊዋም ቴክኒሻኗም አንድ ሰው ከሆነች ሥራውን በሚና መከፋፈል ራስን ከራስ መከፋፈል ነው። እንደዚያ ላለው ቤት ግማሽ ቀን የማይፈጁ ሦስት ነገሮች ይቅደሙ፦ ለየደንበኛው የተለየ ቦት፣ ለቦቱ Post Messages ብቻ፣ ለየሰው የራሱ መግቢያ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሰው ቢሳሳት ወይም ቢከዳ ጉዳቱ በአንድ ቻናል እንዲወሰን ያደርጋሉ፤ ሦስተኛው ማን እንደሠራው ያሳያል። ሦስተኛው ሠራተኛ የተቀጠረ ዕለት ሁለቱ የሺት ገጾች ይጨመሩ፤ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው ወርክፍሎ ማረም የጀመረ ዕለት ደግሞ የሙከራው ፕሮጀክት። ባለቤቷ ግን በየትኛውም ደረጃ ሁሉንም የመክፈት አቅም ይዛ ትቀጥላለች፤ ይህን የሚያስቀር ሚና የለም። ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መክፈት ያለባት እርስዋ ናት፤ ከሁሉ ይልቅም የእርስዋ የይለፍ ቃል ለሌላ ሰው መነገር የለበትም።